ተገጣጥሞ የመጣ ይሻላል ወይስ ራስ የገጣጠሙት? ስለ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ



አዘጋጆቹ ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ሰብስበው ሰጥተውኛል። ሁሉም ለማለት ይቻላል በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ፋብሪካ ገጣጥሞ ያወጣውን ዴስክቶፕ ልግዛ ወይስ ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም? ከጥያቄዎቹ ብዛት እንደማየው አብዛኞቻችሁ ነገሩን የዋጋ ጉዳይ አድርጋችሁ ነው የምታዩት። ዋጋው ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ እሱ አሁኑኑ እገባለሁ። እኔ ግን ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን አልነሳም ሲል ችግሩ የት እንዳለ የሚፈልገው ማን ነው? ተገጣጥሞ የመጣውን የገዛ ሰው ያንን ሥራ ለሻጩ ከፍሎ አስረክቧል። ራሱ የገጣጠመ ሰው ግን ሥራውን ተረክቧል። ዛሬ የምሰጣችሁ መልስ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ራሴ ብገጣጥም ይረክስልኛል ወይ?»

ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ መዝገብና ለኢንተርኔት የሚሆን ተራ ኮምፒዩተር ከሆነ የምትፈልጉት፣ አይረክስም። ትልልቅ አምራቾች ዕቃውን በብዛት ስለሚገዙ እኛ በአንድ በአንድ ከምንገዛበት ዋጋ በታች ያገኙታል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ ፈቃድ አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ሆም በአሜሪካ ለብቻው 139 ዶላር ነው የሚሸጠው። አጠቃላይ ወጪው 500 ዶላር ለሆነ ማሽን ይህ ብቻውን ከሩብ በላይ ነው። ብዙ ሰው የዕቃ ዋጋ ሲደምር ይህን ይረሳና «ረከሰልኝ» ይላል።

ለቪዲዮ ቅንብር፣ ለሥነ ሕንፃ ንድፍ ወይም ለጌም የሚሆን ጠንከር ያለ ማሽን ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እዚህ ላይ መገጣጠም የሚያስገኘው ጥቅም ጠቅላላ ወጪውን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ገንዘባችሁ የት እንደሚውል ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ተገጣጥመው የሚሸጡት ማሽኖች ማስታወቂያቸው ላይ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በትልቁ ይጽፋሉ። ቁጠባው ያለው ባልተጻፈው ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ይሆናል፣ ማዘርቦርዱ ለወደፊት ማሻሻያ ቦታ የለውም፣ ራሙም አንድ ነጠላ ይሆናል። 16 ጊጋባይት በአንድ ራም ከሚሆን በሁለት ባለ 8 ጊጋ ቢሆን ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባቸዋል። በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ምስሉንም የሚያንቀሳቅሰው ያው ራም ነውና። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ራሙ ስንት ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። በስንት የተከፈለ እንደሆነና ፓወር ሰፕላዩ የማን ሥራ፣ ስንት ዋት እንደሆነም ጠይቁ።

ወቅቱም ፍርዱን ይገለብጠዋል። በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ግራፊክስ ካርድ በዓለም ገበያ ሲጠፋ ብዙ ሰው ካርዱን በደህና ዋጋ ለማግኘት ሙሉ ኮምፒዩተር መግዛት ነበረበት። በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ የመረጃ ማዕከላት ራሙን ስለተሻሙት የራም ዋጋ አሻቀበ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ የተገጣጠመ ማሽን በድሮው ዋጋ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ገዢ የሰማችሁትን ዋጋ ተዉት። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ተመሳሳይ ዕቃዎችን ከነዊንዶውሱና ከነማጓጓዣው ደምራችሁ ከሚሸጠው ማሽን ጋር አስተያዩ።

ሁለተኛው ጥያቄ የደመወዝተኛ ጥያቄ ነው። «በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ እየገዛሁ ባጠራቅምስ?»

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ዛሬ የታየ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ላይገኝ ይችላል የሚል ስጋት አለ፤ ሰውም ገንዘቡን ቶሎ ወደ ዕቃ መለወጥ ይፈልጋል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚጠፋ አንድ ነገር አለ፤ የመሞከሪያው ጊዜ።

በመስከረም ማዘርቦርድ ገዛችሁ እንበል። ፕሮሰሰሩን በኅዳር፣ ራሙን በጥር፣ ፓወር ሰፕላዩን በመጋቢት ገዛችሁ። ማዘርቦርዱ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በመጋቢት ነው። ከፋብሪካ ተበላሽቶ የመጣ ቢሆን እንኳ እስከዚያ ቀን አታውቁም። ሻጩ «በአንድ ወር ውስጥ ችግር ካለው መልሱልኝ» ብሎ ከነበረ ያ ቃል በጥቅምት አልቋል። ዋስትና መቆጠር የሚጀምረው ከተገዛበት ቀን እንጂ ሥራ ከጀመረበት ቀን አይደለም። አዲስ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ሊበላሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በትክክል ዋስትናው ጠንካራ በሆነበት ጊዜ።

ግዴታ ከፋፍላችሁ መግዛት ካለባችሁ፣ ለብቻቸው ሊፈተሹ የሚችሉትን አስቀድሙ። ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ከማንኛውም ኮምፒዩተር ጋር ይሞከራሉ። ኤስኤስዲም ወዳጅ ቤት ባለ ማሽን ላይ ተሰክቶ ሊታይ ይችላል። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይፈተሹም፤ አራቱን በአንድ ቀን ግዙ፣ በዚያው ሳምንት አስነሷቸው። ካርቶኖቻቸውን አትጣሉ።

ሦስተኛው፦ «ዋስትናው በየትኛው ይሻላል?»

በወረቀት ላይ ካየን የገጣጠመው ሰው ይበልጣል። በካርቶን የሚሸጥ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የ3 ዓመት ዋስትና አለው። ደህና ኤስኤስዲ 5 ዓመት፣ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ እስከ 10 ዓመት ይሰጠዋል። ለቤት የሚሸጥ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የ1 ዓመት ዋስትና ብቻ ነው ያለው። ሆኖም እነዚህ ረጃጅም ዓመታት ሁለት ቅድመ ሁኔታ አላቸው። አንደኛ፣ የተበላሸው የቱ እንደሆነ ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ዋስትናውን ለሚያከብረው ሰው ማድረስ አለባችሁ። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው የ10 ዓመቱ ዋስትና አድራሻው ባሕር ማዶ ከሆነ፣ የመላኪያው ወጪ ብቻውን የዕቃውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። በተግባር የሚጠቅማችሁ የሸጠላችሁ ሱቅ በደረሰኙ ላይ የጻፈው ነው። በቃል የተነገረውን አትቁጠሩት። የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የዋስትናው ወራት፣ ማኅተም፤ እነዚህ ሦስቱ ደረሰኙ ላይ ይስፈሩ።

የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ታሪክ ያሳያል። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ችግሩ ሲታይ ግን ፕሮሰሰሩ ተበላሸ የሚል መልእክት አልመጣም። ብዙ ተጫዋቾች ጌሙ ሲዘጋባቸው ስክሪኑ ላይ ያነበቡት «Out of video memory» የሚል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ማንን ይጠረጥራል? ግራፊክስ ካርዱን። ጤነኛ ካርዳቸውን የጠረጠሩ፣ ሶፍትዌሩን ደጋግመው የጫኑ ብዙ ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን አምኖ በነሐሴና በመስከረም የባዮስ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ገና ያልተጎዱትን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አይፈውስም፤ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የሁለቱ ገዢዎች መንገድ ተለያየ። ፕሮሰሰሩን በካርቶን የገዛው በቀጥታ ወደ ኢንቴል እንዲሄድ፣ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር የገዛው ወደ ኮምፒዩተሩ አምራች እንዲሄድ ተነገረው። ሁለተኛው ሰው «ኮምፒዩተሬ በየጊዜው ይዘጋብኛል» ማለት ይበቃዋል፤ ፍለጋው የአምራቹ ነው። የመጀመሪያው ሰው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ መሆኑን ለራሱ ማረጋገጥ ነበረበት። አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ፕሮሰሰር ያለ ካርቶን፣ በፕላስቲክ ብቻ ሲሸጥ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለተጠቃሚ የተዘጋጀው የአምራቹ የካርቶን ዋስትና ግን አብሮት አይመጣም፤ ተጠያቂው ሻጩ ብቻ ይሆናል።

«የተገጣጠመውን ከፍቼ ራም ብጨምር ዋስትናዬ ይፈርሳል ወይ?» የሚል አጭር ጥያቄ አለ። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ የዋስትና ሕግ አለ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑም በ2018 እ.ኤ.አ. «ይህ ስቲከር ከተነሳ ዋስትናው ይፈርሳል» የሚሉ ኩባንያዎችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል። ዘመድ ከዚያ ገዝቶ የሚጠቀም ከሆነ ኮምፒዩተሩን መክፈቱ ብቻ ዋስትናውን እንደማያፈርስ ይወቅ። እዚህ ግን ሱቁ የራሱን ስቲከር የሚለጥፍ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ራምና ኤስኤስዲ መጨመር እንደሚፈቀድ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ቀጣዩ ጥያቄ ከአንድ የቪዲዮ አቀናባሪ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው እፈልጋለሁ፤ በከተማችን በብዛት የሚያጋጥም ነውና። «ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር በርካሽ ገዝቼ ግራፊክስ ካርድ ብጨምርበት ከሁለቱም አይሻልም?»

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ወሰኑን ለሚያውቅ ሰው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060ን እንውሰድ። ቢሮዎች ተጠቅመው ከሚያሰናብቷቸው ጠንካራ ማሽኖች አንዱ ነው። ባለ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው 7050 ግን 6ኛና 7ኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ ብዙም አይለያዩም፤ የምትከፍሉበት ልዩነት ግን ይህ ነው።

አቀናባሪው አርቲኤክስ 3060 ልጨምርበት ነው የሚለው። ካርዱ 170 ዋት ይበላል። የኦፕቲፕሌክሱ ታወር ፓወር ሰፕላይ 260 ዋት ነው። ከዚያ 170 ሲነሳ 90 ይቀራል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ተብሎ ቢጻፍም በሥራ ጫና ለአጭር ጊዜ ከዚያ ያልፋል፤ ዲስኩ፣ ራሙና ማዘርቦርዱ ገና አልተቆጠሩም። በዚያ ላይ ካርዱ የሚፈልገው ባለ 8 ፒን ገመድ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ አይወጣም። «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር» ይላል አቀናባሪው። መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱን የሚመግበው በ24 ፒን ነው፤ ይህ ማሽን ግን የዴል የራሱ የሆነ ባለ 6 ፒን ነው ያለው። የተገጣጠመ ማሽን ዋናው ወሰን እዚህ ላይ ይታያል፤ አምራቹ ባቀደው ልክ እንጂ ከዚያ በላይ አያድግም።

በወሰኑ ውስጥ ግን ጥሩ መውጫ አለ። ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ 70 ዋት ስለሆነ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። ስሙን ሙሉውን አንብቡ፤ ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 ሌላ ካርድ ነው፤ 130 ዋት ይበላል፣ ገመድም ይፈልጋል። ማሽኑ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ካርዱ አጭሩ ቅርጽ መሆን አለበት፤ ቁመቱን ለክታችሁ ሂዱ። ሠርግና ማስታወቂያ በመደበኛ ጥራት ለሚያቀናብር ሰው ይህ ጥምረት እንጀራ ያበላል። በ4ኬ ቀርጾ ብዙ ንብርብር የሚያዘጋጅ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ገንዘብ አያፍስስ፤ መደበኛ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ያለው ማሽን ወይ ይግዛ ወይ ይገጣጥም።

ያገለገለ ማሽን ስትገዙ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስነስታችሁ ፓወርሼል ላይ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች ጻፉ፦

```
Get-CimInstance Win32_BIOS
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory
```

የመጀመሪያው የማሽኑን መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ያንን በአምራቹ የድጋፍ ገጽ ላይ ስታስገቡ መቼ እንደተሸጠና ዋስትናው የቀረ ከሆነ ታያላችሁ። ሁለተኛው እያንዳንዱን ራም ለየብቻ ይዘረዝራል፤ ሁለት ነው የተባለው አንድ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል።

አንዲት እናት የጻፉት ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ካልገጣጠምኩ አልማርም ይለኛል። እውነት ትምህርት አለው ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?»

እናቴ፣ ትምህርት አለው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ያለው ብዙዎች በሚያስቡት ቦታ አይደለም። ዕቃዎቹን መግጠም ራሱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሶኬት በቦታው ብቻ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጁ የሚማረው ሲጨርስና ቁልፉን ሲጫን ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሆነ ጊዜ ነው።

ያኔ የሚያደርገውን ከአሁኑ ይወቅ። ኬዙ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ ያስቀምጠው። ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውንና አንድ ራም ብቻ ይሰካ። ባለ 24 ፒኑን ገመድ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባውን ባለ 8 ፒን ግን ብዙ ጀማሪ ይረሳዋል፤ ፋን ዞሮ ምስል ከማይታይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሌላው የሞኒተሩ ገመድ ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የሌለው ከሆነ፣ ለምሳሌ በስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት ኢንቴል፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ሞኒተር ምንም አያሳይም፤ ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆን አለበት። ብዙዎቹ አዳዲስ ማዘርቦርዶች CPU፣ DRAM፣ VGA እና BOOT የሚሉ ትንንሽ መብራቶች አሏቸው፤ በርቶ የቀረው መብራት ችግሩ የት አካባቢ እንዳለ ይጠቁማል። DRAM ላይ ከቀረ ራሙን አውጥቶ «ቀጭ» እስኪል መልሶ ይጫነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ዲዲአር5 ራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሱን ለማስተካከል ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ተበላሸ ብሎ መሀል ላይ የሚያጠፋ ሰው ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ራሙንም ገመዱንም ባንዴ ነካክቶ ምስል ቢመጣለት፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራለታል፣ ግን ምን እንደነበረ አያውቅም። እያንዳንዱን ለውጥና ውጤቱን በደብተር ይጻፍ። ይህን የተማረ ልጅ ነገ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ሱቅ ሲሄድ «አይሠራም» አይልም፤ «ይህንን ራም በሁለት ማሽን ሞክሬው በሁለቱም አልነሳም» ይላል። ቅድም ስለ ዋስትና ያነሳሁት የመጀመሪያ ቅድመ ሁኔታ በዚህ ይሟላል።

ነገር ግን ልጅዎ የሚማርበት ማሽን የቤተሰቡ ገቢ የሚመጣበት ማሽን አይሁን። በመጀመሪያ ርካሽ የሆነ ያገለገለ ማሽን ይግዙለት፤ ይፍታው፣ ይግጠመው፣ ራምና ኤስኤስዲ ይጨምርበት። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ፒኖች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ በመጀመሪያ ሙከራ አንዱ ቢታጠፍ ብዙ ጊዜ ዋስትናው አይሸፍነውም።

ወንድማቸው ከአሜሪካ ኮምፒዩተር ሊልክላቸው ላሰበ ጠያቂ፦ ከመላኩ በፊት የፓወር ሰፕላዩን መግለጫ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ እዚህ ያለችግር ይሠራል። አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ለ115 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ወይም ከኋላ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አላቸው፤ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ መምህር ነው። «ለትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ 20 ኮምፒዩተር ልንገዛ ነው። ተማሪዎቹ እንዲማሩ ብለን ዕቃ ገዝተን ብናስገጣጥምስ?»

መምህር፣ የላቦራቶሪውን 20 ማሽን ተገጣጥሞ የመጣ፣ ሁሉም አንድ ሞዴል የሆነ ይግዙ። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ አንዱ ሲበላሽ ራሙን ወይም ፓወር ሰፕላዩን ከጎኑ ካለው ወስዶ በመሞከር ችግሩን በደቂቃዎች ማግኘት ይቻላል። ዋስትናውም በአንድ ውል፣ በአንድ ስልክ ይጠየቃል። ለትምህርቱ ደግሞ ከቢሮ የተሰናበቱ ሁለት ሦስት አሮጌ ማሽኖች በተለየ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ተማሪዎቹ ሆን ብለው እያበላሹ እየፈለጉ ይማሩባቸው። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሻጩ የተበላሸ ማሽን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠግን ወይም እንደሚተካ በጽሑፍ እንዲያስገባ ያድርጉ፤ ያንን ለመጻፍ ከማይፈቅድ ሻጭ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።